ለግማሽ ቀን ወረፋ አንድ ድብ

እኔ የስቲከር ጠላት አይደለሁም። ግን ሰው ሥራውን ትቶ፣ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ድረስ በታክሲ ተጋፍቶ፣ የጓደኛውን ማስረጃ ለማውጣት ግማሽ ቀን ተሰልፎ ሲመለስ፣ ለምስጋና በቴሌግራም የሚደንስ ድብ ይላክለታል? ያውም ያለ አንድ ቃል! ዳታ ደከም ሲል ደግሞ ድቡ ራሱ አይከፈትም፤ ባዶ ጥላ ላይ ታፈጣለህ።

ያው ድብ ለቀልድም፣ ለልደትም፣ ለኳስ ድልም ይላካል። ስለዚህ ምን እንደተደረገልህ ማወቅህን አይናገርም። «ወረፋው ምን ያህል አድክሞህ ይሆን! ማስረጃው ደርሶኛል፣ ነገ አስገባዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ መጨረሻ ላይ አንድ ቀይ ልብ ብትጥልበት ግን ያምራል። እዚህ ላይ ምስጋናውን የተናገረው ቃሉ ነው፣ ልቧ ፈገግታ ትጨምርበታለች። አንድ ትበቃለች ደግሞ። ልብ፣ አበባና ርችት ሲደረደር የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል።

ማኪያቶ ለጋበዘህ ስቲከር ብቻ ይበቃል፣ እሺ። ለታላቅ ሰውማ ባዶውን አትላክ። አክስቴ ለምስጋና የላክሁላት የተጋጠሙት ሁለት እጆች ብቻቸውን ሲደርሷት ደወለች። «ምን ልትለምነኝ ፈልገህ ነው?»