ዝቅተኛ በዝቅተኛ

የወረዳችንን ሰዎች ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ድሮ መንገድ ሊሠራ ሲል መጀመሪያ የሚመጣው ኤክስካቫተር ነበር። አሁን ሠልጥነናል። መጀመሪያ የሚመጣው የባለድርሻ አካላት ትንተና ነው። ኤክስካቫተሩ በማግስቱ ይደርሳል።

ከፒያሳ ዝቅ ብላ ያለችው የሰፈራችን መንገድ ልትሰፋ ሆነና እኔም የነዋሪ ተወካይ ተብዬ ተጠራሁ። ማን እንደወከለኝ እንዳትጠይቁኝ። የደወሉለት ጊዜ ስልኩን ያነሳ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አዳራሹ ግሩም ነበር። ባነር አለ፣ የታሸገ ውኃ አለ፣ የፊርማ ወረቀት አለ። ባለሙያው ፕሮጀክተሩን አበራና ለአራት የተከፈለ ሣጥን አሳየን። ወደ ላይ የሚሄደው መስመር “ተጽዕኖ” ነው፣ አግድም ያለው “ፍላጎት”። ለእያንዳንዱ ወገን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጠዋል። ሁለቱም ከፍ ያለለት በቅርበት ይያዛል። ጉልበት ኖሮት ግድ የሌለው ቅር እንዳይለው ይደረጋል። ግድ ኖሮት ጉልበት የሌለው እንዲያውቅ ይደረጋል። ሁለቱም የሌለው “በክትትል ሥር” ይውላል። ክትትል ማለት ምን እንደሆነ አልተነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ዘዴው ራሱ ክፉ አይደለም። “ማንን ረሳን?” ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ጥሩ መሣሪያ ነው። የእኛዎቹ ግን ተራቅቀዋል። ማንን መርሳት እንደሚቻል በነጥብ ያወጡበታል።

ክፍለ ከተማው 5 በ5 አገኘ። ተቋራጩም እንደዚያው። ከዚያ ታች፣ ጥግ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፦ “የጉሊት ነጋዴዎች፣ ተጽዕኖ 1፣ ፍላጎት 1።”

እጄን አወጣሁ። “መንገዱ መደቧ ላይ የሚያልፍባት ሴት እንዴት ፍላጎቷ 1 ሆነ?”

“ጋሼ፣ ፍላጎት የሚለካው በተሳትፎ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠርተው አልመጡም።”

ልክ ነው፣ አልመጡም። ጥሪው የተለጠፈው ወረዳው በር ላይ ነው፣ ሰዓቱም ጠዋት 3። በዚያ ሰዓት የጥጉ እትዬ ከጅምላ ተራ ያመጡትን ሽንኩርት በየመደቡ እየከመሩ ነው። ስብሰባ ቢሄዱ ማታ ቤት የሚገባ ነገር የለም። ይህ ከፍላጎት ማጣት ይቆጠር እንጂ!

በ1997 እ.ኤ.አ. ሚቸል፣ አግልና ዉድ የተባሉ ምሁራን ጉልበት ብቻውን አይበቃም፣ ጥያቄው ተገቢና አጣዳፊ መሆኑም ይታይ ብለው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሦስተኛ መለኪያ ከተጨመረ ሣጥኑ በአንድ ስላይድ አይሳልም።

በሻይ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጥራዝ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። ተቋራጩ ውሉን የፈረመው ከስብሰባው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ዲዛይኑም አልቋል፣ ታትሟል፣ ማህተም አርፎበታል። ብቃት ማለት ይሄ ነው! ሌላው ሰውን ጠይቆ፣ የእግረኛውን መንገድ ፈቀቅ አድርጎ፣ ንድፉን እንደገና ስሎ ጊዜ ያባክናል። እኛ ዘንድ ሰው የተናገረው “ግብዓት” ይባላል። ግብዓት ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይገባል። ሲወጣ ያየ የለም።

ኤክስካቫተሩ ሲመጣ እትዬ ጃንጥላቸውን አጥፈው ወደ ግንቡ ተጠጉ። ካሳ የሚባል ነገር እሳቸው ጋ አይደርስም። ካሳ ከይዞታ ይነሳል፣ የእሳቸው ይዞታ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ ከረጢትና አንድ ዱካ ነው። ግን ዝም አላሉም።

“ልጄ፣ እዚህ ጋ አትቆፍር። የውኃው ቱቦ በዚህ ነው የሚያልፈው፣ ሲቀብሩት አይቻለሁ።”

ልጁ ካርታውን አየ። በካርታው ላይ ቱቦው በማዶ በኩል ነው። ተጽዕኖዋ 1 የሆነች ሴት ደግሞ ቱቦ ከየት ታውቃለች?

ውኃው የፎቅ ያህል ወደ ላይ ተወረወረ። የእትዬ ቲማቲም ቁልቁል ሲንከባለል ሕፃናቱ ተደሰቱ። ሰፈሩ አራት ቀን በጄሪካን ኖረ። ያን ጊዜ ነው ሣጥኑ ትዝ ያለኝ። ማን ጉልበት አለው የሚል መስመር አለው፣ ማን ግድ አለው የሚልም አለው። ማን ይጎዳል፣ ማን ያውቃል የሚል ግን የለውም።

ወረዳው ጥፋቱን ዝም ብሎ አላለፈም፣ ምስጋና ይግባውና ትንተናው ተከለሰ። እትዬ አድገዋል፦ ተጽዕኖ 1፣ ፍላጎት 5። በደንቡ መሠረት አሁን እንዲያውቁ ይደረጋል።

ባለፈው ሳምንት እንዲያውቁ ተደረገ። ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ በቆመው የቆርቆሮ አጥር አንድ ወረቀት ተለጠፈ። መነጽራቸውን ስላልያዙ እኔ አነበብኩላቸው። “ለክቡራን ባለድርሻ አካላት” ብሎ ይጀምራል።

“ማንን ነው የሚለው?” አሉኝ።