እርማት፦ ትውውቅና የምሽት ዝግጅት

«ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ውስጥ እስከ ምሽት ስለምሠራ የሙያ ዝግጅቶች ላይ አልገኝም። ያለ እነሱ ትውውቅ ማስፋት አይቻልም አይደል?»

አይደለም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል አብዛኞቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ወዳጅ ሳይሆን አልፎ አልፎ ብቻ ከሚያገኙት ሰው ነው፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀውን እርስዎም አስቀድመው ያውቁታልና። ስለዚህ ይበልጥ የሚጠቅምዎ ከራቁ የቀድሞ ባልደረቦች ጋር ያለዎት ግንኙነት እንዳይቋረጥ ማድረግ ነው።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ለአንዱ በቴሌግራም ይጻፉ። «እንዴት ሰነበቱ?» ብቻ ከሆነ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሆኖ ያበቃል፤ «ስለ ብድር ግምገማ ያስረዱኝ ነገር ዛሬ ሥራ ላይ ጠቀመኝ፤ አሁንም በዚያው ክፍል ነዎት?» ቢሉ ግን ወሬው ይቀጥላል። በዚህ መልእክት ላይ ምንም ውለታ አይጠይቁ፤ ሰው የሚሸሸው ጉዳይ ሲኖረው ብቻ የሚደውልን ነውና። መልስ የሰጠዎትን ሐሙስ በምሳ ሰዓት ለገሃር አካባቢ ቡና ይጋብዙት፤ የተነጋገራችሁትንም ዓርብ በሁለት መስመር ማስታወሻ ይያዙ።

በሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ቡናው ቢቀር ችግር የለውም፤ የማክሰኞው መልእክት ግን አይቅር።