እንግሊዝኛው ከታች አለ

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ትናንት ማታ ደወሉ። ሰላምታ የለ፣ ደህና አመሸሽ የለ። «ልጄ፣ እንግሊዝኛውን ምን ብለሽ ነው ከላይ ያደረግሽው?»

ነገሩ የዘንድሮው የዘመን መለወጫ በዓል ማስታወቂያ ነው። ዲሲ አካባቢ ላለነው ሁሉ የሚወጣ አንድ ፖስት፣ ሁለት ቋንቋ። አማርኛው ለወላጆች፣ እንግሊዝኛው እዚህ ለተወለዱት። ጋሼ አማርኛ ከታች መዋሉን እንደ ውርደት ቆጠሩት። «ባንዲራ ከታች ይሰቀላል እንዴ?» አሉኝ። የኮሚቴው ወጣቶች በበኩላቸው ፊደል መጀመሪያ ካዩ ማስታወቂያው የእናታቸው ነው ብለው እንደሚያልፉት በግልጽ ተናግረዋል። በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ተጠርቷል። ቃለ ጉባኤም ተይዟል። ሰዓቱ በትክክል ተጽፎ እንደሆነ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» የሚለውን ተረት ነፍሴ ነው የሚወደው። ሰው ሁሉ ለስግብግብ ይተርተዋል። እኔ ግን ሰውዬው ስግብግብ አይመስለኝም። የትኛውን እግር የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያስቀድም ኮሚቴ አቋቁሞ ሲከራከር መሽቶበት ይሆናል። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለው መለሱልኝ። ተረትን በተረት የሚመልስ ሰው ጋር መከራከር አይቻልም። በዚያ ላይ የእሳቸው ያጥራል።

የሚቀድመው ቋንቋ የሚወሰነው በክብር ሳይሆን በስልኩ ነው። ስልክ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው ጥቂት መስመር ነው። ከዚያ በኋላ «ተጨማሪ» የምትለውን መጫን ያስፈልጋል፤ የሚጫን ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ማስታወቂያውን አይቶ አንድ ነገር ማድረግ ያለበት ማን ነው ብዬ ነው። ለበዓሉ ወላጆችማ ማስታወቂያ ባይወጣም ይመጣሉ። ተለምኖ የሚመጣው ወጣቱ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው መራ። ከሱ በላይ ግን «አማርኛው ከታች አለ» የምትል አንዲት መስመር በፊደል አስቀመጥኩ፤ ትልልቆቹ ተቀይመው እንዳይሄዱ። ጋሼ ይህችን መስመር አላዩዋትም። ወይም አይተው ዘለሏት።

አሁን የአምናውን ቂሜን ላውጣው። አምና አማርኛው ነበር የመራው፤ በጋሼ ትእዛዝ። በዓሉ እሑድ ሴፕቴምበር 15፣ 2024፣ ከሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ላይ ነበር። አማርኛው ላይ «እሑድ መስከረም 5 ቀን 2017 ከቀኑ 8 ሰዓት» ተብሎ ወጣ። እንግሊዝኛው ከታች፣ 2 ፒኤም። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስህተት የሚፈልግ ሰው አያገኝም። ችግሩ ዓይን ፊደል ይመርጣል እንጂ ቁጥር አይመርጥም። አማርኛ ማንበብ የማይችል ልጅም 2017 የሚለውን ያነባል። «ይሄ እኮ የዛሬ ሰባት ዓመት ነው፣ ማን ነው አሁን የሚልክልኝ?» ብሎ አለፈው። እንዲህ ብለው የቀሩ አሉ፤ እኔው ራሴ ጠይቄ ነው የሰማሁት።

አንዲት እናት ደግሞ ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ድፎ ዳቦ በእጃቸው ይዘው፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ደረሱ። በዚህ አገር አቆጣጠር 8 መሆኑ ነው። ልጃቸው 8 የሚለውን አይታ ነው ያመጣቻቸው። አዳራሹ ተጠርጎ ቁልፉ እየተመለሰ ነበር። ሌላ ሰውዬ ደግሞ በቅርብ ከአገር ቤት የመጡ ናቸው። ከታች ያለውን 2 አይተው ጠዋት 2 ሰዓት፣ እዚህ 8 በሚባለው ሰዓት ላይ፣ ተቆልፎ በነበረው በር ፊት ቆመው ጠበቁ። አንዷ ስድስት ሰዓት ዘገየች፣ አንዱ ስድስት ሰዓት ቀደመ፤ ማስታወቂያው ግን ትክክል ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱ ያበቃል፤ ያናድደኛል። ሃያ ዓመት እዚህ የኖረ ሰው በአማርኛ «ሁለት ሰዓት ላይ እንገናኝ» ይላችኋል፤ የየትኛው አገር ሁለት እንደሆነ አይናገርም። ስትጠይቁት ደግሞ እንደ ማያውቅ ሰው ያያችኋል። የራሱን ሰዓት በየት በኩል እንደጣለው እንኳ ልብ አላለም፤ ስብሰባ ላይ ግን አማርኛ ይቅደም ብሎ እጁን የሚያወጣ እሱ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ቀንና ሰዓቱን ከሁለቱም ቋንቋ በላይ ለብቻው አወጣሁት፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር። እሑድ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 2025፣ ከሰዓት በኋላ 2። ከታች በየትኛውም ቋንቋ ሰዓት አይደገምም። መስከረም 4 የሚለውን አውጥቼ 2018ን የተውኩት «እንኳን አደረሳችሁ» ለሚለው ብቻ ነው፤ እዚያ ማንም ሰዓት አይፈልግበትም። ጋሼ ይህንን ሲያዩ «ዘመናችንንም ለፈረንጅ ሰጠሽው?» አሉ። ዘመኑ የኛ ነው ጋሼ፤ አዳራሹ ነው የነሱ፣ የሚከራየውም በነሱ ሰዓት ነው።

ከታች የሚሆነው ቋንቋ ሌላም ዕዳ አለበት። የሚረሳው እሱ ነው። አምና አዳራሹ በመጨረሻው ሳምንት ሲቀየር አድራሻው አማርኛው ላይ ብቻ ተስተካከለ። እንግሊዝኛው አሮጌውን ጎዳና ይዞ ቀረ። ወላጆች አንድ ሰፈር፣ ልጆች ሌላ ሰፈር። አሁን ከመለጠፌ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ቁጥር፣ የመንገድ ስምና ዶላር ብቻ አያለሁ። ቃሉን አላነብም፤ ሰው የሚጠፋው በቃል አይደለም።

ማስታወሻ በስልክ መልእክት ሲላክ ግን ክርክርም የለም። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ከሆነ አንድ መልእክት 160 ሆሄ ይይዛል። ፊደላችን ከገባበት 70 ብቻ። እንግሊዝኛ ጽፋችሁ ለአክብሮት ከፊቱ «ሰላም» ብትሉ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል፤ ተቆራርጦ ይሄዳል፤ ላኪውም እንደ ብዙ መልእክት ይከፍልበታል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሰላምታም ተወደደ አሉ። ገንዘብ ያዥዋ ግን ወዲያው ገባት፤ የገባት እሷ ብቻ ናት።

ለማንኛውም የዘንድሮው ባለበት ይቆያል፤ እንግሊዝኛው ከላይ። በሚቀጥለው ሳምንት የሚወጣው የዓመት መዋጮ ማስታወቂያ ላይ አማርኛው እንዲመራ ተስማምተናል፤ ከፋዮቹ ወላጆች ናቸውና። ረቂቁን ለኮሚቴው ላክሁት። መዋጮ ሲሆን አማርኛ ማንበብ የሚያቅተው ሰው ብዛቱ፣ ምነው ያኔ እጃችሁን ስታወጡ አልተናገራችሁ!