ለተከበራችሁ የአምስት ኮከብ አራሾች

የሐሰት አስተያየት እየጻፋችሁ በገንዘብ ለምትሸጡት ለእናንተ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ ነው። እዚህ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይወርዳል፤ አምሮ የዋለ የባቄላ ማሳ ጠቁሮ ያድራል። የእናንተን እርሻ ግን ውርጭ አይደፍረውም፤ ክረምት ከበጋ አምስት አምስት ኮከብ ይታፈስበታል።

ባለፈው ኅዳር አማቴ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ሊጠይቁን መጡ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ በስልኬ ካርታ ላይ ማረፊያ ፈለግሁላቸው። 380 አስተያየት፣ 4.9 ኮከብ! ዐይኔን ሳላሽ ያዝኩላቸው። በማግስቱ ጠዋት «ልጄ፣ ከነጫማዬ ነው ያደርኩት» አሉኝ። ሙቅ ውኃ የለም። ብርድ ልብሱ አንድ ነው፤ እሱም ስስ። ይህ እንግዲህ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ባላት ከተማ ነው።

አስተያየቶቹን በወጉ ያነበብኳቸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጥፋቱ የእኔም መሆኑን አልክድም። አንዱ ጸሐፊያችሁ አየር ማቀዝቀዣውን አመስግኗል። ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ የተቀመጠች ከተማ በኅዳር ሌሊት ምኗ ይቀዝቀዝላት? ሌላው ከመስኮቱ ስለሚታየው የባሕር ዳርቻ ጽፏል። ምናልባት የጣርማ በር ጭጋግ ባሕር መስሎት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ስሙን ስጫን ግን የሰጣቸው ኮከቦች ሁሉ ተዘረገፉ። ይህ መንገደኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጥርሱን በአንድ አህጉር አስነቅሎ፣ ጣሪያውን በሌላ አህጉር አስጠግኖ፣ ለማደር ደብረ ብርሃን ደርሷል። ሁሉም ቦታ አምስት ኮከብ ሰጥቷል፤ አንድም ቦታ አልተከፋም። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው አማች ስጡን።

ከዚያ እርሳስ አነሳሁ። ከእናንተ መምጣት በፊት የነበሩት አስተያየቶች 20 ናቸው፤ «ሻዩ ግሩም ነው፣ በሩ ግን አይቆለፍም» የሚሉ ዓይነት፣ አማካያቸው 3.1። ሃያ ጊዜ 3.1፣ 62 ኮከብ ነው። ይህን ወደ 4.5 ለማድረስ 56 አስተያየት ይበቃችሁ ነበር። ወደ 4.9 ለማድረስ ግን 360 ያስፈልጋል። ከላይ የምትቀረው ትንሽ ክፍተት ናት ውድ፤ ምክንያቱም አምስት ኮከብ ከ4.9 የሚበልጠው በአንድ ዐሥረኛ ብቻ ነው። እናንተ 360ውንም አራግፋችኋል፤ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ። ይህ በቀን 12 ሰው ነው። ክፍሎቹ ስምንት ናቸው፤ ራሴ ቆጥሬያቸዋለሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሦስት ወይም አራት ኮከብ የሰጠ አንድም ሰው አለመኖሩ ደግሞ ይገርማል። እውነተኛ እንግዳ «ደህና ነው» ማለት ያውቃል።

ላለመበደል ያህል፣ አስተያየት ሁሉ አንድ ላይ ስለመጣ ብቻ የተገዛ ነው አልልም። ከጥምቀት ወይም ከሠርግ ሰሞን በኋላ እውነተኛ እንግዳም በጅምላ ይጽፋል። የእሱ ግን ያስታውቃል፦ የሙሽራውን ጩኸት ያነሳል፣ በአማርኛ ያማርራል፣ ኮከቡም አንድ ዓይነት አይደለም። ከእናንተ መካከል ብልጥ የሆኑት በቀን ሁለት ሦስት ብቻ እያንጠባጠቡ፣ አልፎ አልፎም አራት ኮከብ ጣል እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ያኔ ቀኑን መቁጠር አያዋጣም፤ የጸሐፊውን የኋላ ታሪክ መከተል ይሻላል። እሱንም ከደበቀው ሰዎች ያነሡትን ፎቶ ከማየት በቀር ብዙ መላ የለም።

ውዳሴ በገንዘብ መግዛት ለእኛ አዲስ አይደለም። አዝማሪ በብር ያወድሳል። ነገር ግን ብሩ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ቤት ሙሉ ሰው ያያል፤ «ጀግናው» ሲል ስንት እንደተከፈለው ሁሉም ያውቃል። እናንተ ብሩን ከግንባራችሁ አንሥታችሁ ኪስ ከታችሁት። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 የሐሰት አስተያየት መሸጥንም መግዛትንም የሚከለክል ደንብ አውጥቶባችኋል፤ ማረፊያው ግን ደንቡን የሰማ አይመስልም።

እኔም በበኩሌ ሁለት ኮከብ ሰጥቼ ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ሙቅ ውኃው በዝርዝር ጻፍኩ። አማካዩ ከ4.9 ወደ 4.89 ወረደ፤ ካርታው አጠጋግቶ መልሶ 4.9 አለኝ። ከ4.9 ወደ 4.5 ለማውረድ ብቻ እንኳን አንድ አንድ ኮከብ የሚሰጡ 44 የበረዳቸው ሰዎች ያስፈልጉ ነበር።

ደቂቃ ሳይሞላ ከማረፊያው ምላሽ መጣልኝ፦ «ስለ መዋኛ ገንዳችን ስለሰጡን መልካም ቃል ከልብ እናመሰግናለን።»