ሜትሩ አልተበላሸም

«ልጄን ጠዋት ስለካው 171፣ ማታ ደግሞ 169.5 ሴንቲ ሜትር ሆነብኝ። ሜትሩ ነው የተበላሸው?»

አይደለም እህቴ፣ ሁለቱም ልኬት ትክክል ነው። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መሀል 23 ዲስኮች አሉ። እንደ ትንንሽ ትራስ አስቢያቸው፤ መሀላቸው ውሃ ያዘለ ዝልግልግ ነገር ነው። ቆመን ስንውል የሰውነታችን ክብደት ይጫናቸውና ውሃው ቀስ እያለ ይወጣል። ስንተኛ ጫናው ስለሚቀል መልሰው ይስቡታል። ልዩነቱ ከቁመታችን 1 በመቶ ገደማ ነው፤ የልጅሽም እዚያው አካባቢ ነው።

እኔን የገረመኝ ፍጥነቱ ነው። ከሚቀንሰው ግማሽ ያህሉ የሚጠፋው ከአልጋ በወረድን በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። የኔን ልጅ ገና ዓይኑን ሲገልጥ በር መቃኑ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩለት። ቁርሱን በልቶ ቦርሳውን ሲያነግት ደግሜ ብለካው ከምልክቱ ዝቅ ብሏል! ስለዚህ እድገቱን ለመከታተል ከፈለግሽ ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት ለኪው፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ያኔ ቁመቱ ብዙም አይለዋወጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ዲስኮቹ በውሃ ተወጥረው ስለሚቆዩ ጎንበስ ስንል ጫናው ይበረታል። ወገብ የሚያመው ሰው ገና እንደነቃ ጎንበስ ብሎ ጄሪካን ባያነሳ ጥሩ ነው።