ጢስ ዓባይን «ደረቀ» ብሎ ማስከፈት

«ጋሼ፣ ርዕሱን ካላጋነንኩት ማን ይከፍትልኛል? እውነቱን ስጽፍ 200 ሰው ያያል፣ ‹ጉድ ፈላ› ስል 5 ሺህ።»

ጠያቂው ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ እየዞረ ለዩቲዩብ ቪዲዮ የሚሠራ ወጣት ነው። እንዲህ እልሃለሁ፣ ወንድሜ፦ 5 ሺህ ሰው ከፈተው ማለት 5 ሺህ ሰው አየው ማለት አይደለም። ዩቲዩብ ደግሞ ልዩነቱን አሳምሮ ያውቃል።

ድሮ ነገሩ አንተ እንዳልከው ነበር። ዩቲዩብ ቪዲዮ መርጦ ለሰው ሲያቀርብ በዋናነት የሚቆጥረው ስንቴ እንደተከፈተ ነው። ያኔ ያጋነነ ሁሉ አተረፈ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ቆጠራውን ወደ ታየበት ሰዓት አዞረው። ተመልካች ተታልሎ ይከፍትና ወዲያው ይወጣል፤ ከተደጋገመበትም መተግበሪያውን ራሱ ይዘጋዋል። ይሄ ደግሞ ለኩባንያው ኪሳራ ነው።

አንድ ቪዲዮ ይዘን እንቁጠር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። በመጋቢት ጢስ ዓባይ ሄደህ 8 ደቂቃ የሚፈጅ ቪዲዮ ሠራህ እንበል። ውሃው በጣም ቀንሷል፣ ግን ይወርዳል። ዩቲዩብ ቪዲዮውን 10,000 ጊዜ ሰው ፊት አቀረበልህ። «ጉድ ፈላ! ጢስ ዓባይ ደረቀ» ብትለው ከመቶ 9 ይከፍታል፣ 900 ሰው ማለት ነው። ሰውየው ደረቅ ገደል ሊያይ ነው የገባው። ገና በ12ኛው ሰከንድ ውሃው ሲወርድ ያያል። «ይኸው ይወርድ የለ እንዴ?» ብሎ ይወጣል። በአማካይ የቆዩት 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ቢሆን በጠቅላላው የታየው 17 ሰዓት ተኩል ነው።

ያንኑ ቪዲዮ «የጢስ ዓባይ ውሃ በበጋ የት ይሄዳል?» ብትለው ደግሞ ከመቶ 5 ብቻ ይከፍት ይሆናል። 500 ሰው። ግን እነዚህ የገቡት መልሱን ፈልገው ነው፣ መልሱም ውስጥ አለ። በአማካይ 4 ደቂቃ ተኩል ከቆዩ 37 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከፋቹ በግማሽ ገደማ ቀነሰ፣ የታየበት ሰዓት ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ዩቲዩብ በማግስቱ ለሌላ ሰው የሚያቀርበው ሁለተኛውን ነው።

ሁለቱም ርዕሶች ሰውን ያጓጓሉ፣ ልብ በል። ጉጉት በራሱ ነውር የለበትም። ጆርጅ ሎወንስታይን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጉጉት የሚነሳው ሰው በሚያውቀውና ማወቅ በሚፈልገው መካከል ክፍተት ሲያይ ነው ይላል። ስለ ጉዳዩ ጭራሽ የማያውቅ ሰው ክፍተቱም አይታየውም። ጢስ ዓባይን ግን የማያውቅ ማን አለ? በአካል ያላየው እንኳ በድሮው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ አይቶታል። ስለዚህ «ውሃው የት ይሄዳል?» የሚለው ብቻውን ይበቃል። ጉድ መፍላት አያስፈልገውም።

እኛ ይሄን ጨዋታ በእንቆቅልሽ እናውቀዋለን። መልሱ ያቃተው አገር ይሰጣል፣ ጠያቂው አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይናገራል። አገሩን ወስዶ መልሱን የማይነግር ልጅ ግን ሁለተኛ የሚያጫውተው አያገኝም። ከፋቹ የሰጠህ አገር ጊዜው ነው።

ድንበሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጥ ካልከኝ፦ መልሱን ደብቅ፣ ጉዳዩን ግን አትደብቅ። «በጣና ላይ የተፈጠረው ጉድ» የሚለው ርዕስ ጉዳዩን ራሱን ይደብቃል። እምቦጭ ይሁን፣ ጀልባ ይሁን፣ ገዳም ይሁን አይታወቅም። የገባው ሰው ምን ጠብቆ እንደገባ አንተም አታውቅም፣ ስለዚህ ልታረካው አትችልም። «ደረቀ» የሚለው ደግሞ ከዚያም ይብሳል፣ ውሸት ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ መልሱ መቼ ይነገር የሚለው ነው። ብዙዎቻችሁ የምትበላሹት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ርዕሱ ሐቀኛ ሆኖ፣ ቪዲዮው ግን በ40 ሰከንድ የድሮን ምስልና በማሲንቆ ይጀምራል። ከዚያ «ሰብስክራይብ አድርጉ» ይመጣል። ከዚያ «መጨረሻውን እንዳያመልጣችሁ»። ተመልካቹ ርዕሱ የዋሸው ይመስለዋል፤ እውነት ቢሆንም እሱ አልደረሰበትማ።

ለጢስ ዓባዩ እኔ እንዲህ አደርገው ነበር። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች የቀጠነውን ውሃ በቅርብ አሳያለሁ። ከዚያ «ውሃው አልጠፋም፣ ሌላ መንገድ ይዞ ነው» እላለሁ። ግማሽ መልስ ሰጠሁ ማለት ነው፣ ሰውየውም የት እንደሚሄድ ማወቅ ይፈልጋል። ቀጥዬ ፏፏቴው አጠገብ ወዳሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች እሄዳለሁ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1964፣ ሁለተኛው በ2001 ሥራ የጀመሩ ናቸው፤ ውሃውን የሚወስዱት ገደሉ ላይ ከመድረሱ በፊት ነው። ተመልካቹ «አሃ» ሲል፣ ትልቁ ድርሻ ግን ከዚህም እንዳልሆነ እነግረዋለሁ። ከሐይቁ በስተምዕራብ ውሃው በዋሻ ገብቶ ወደ በለስ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረውን 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ያ ውሃ ዓባይን ተመልሶ የሚያገኘው ቤኒሻንጉል ከደረሰ በኋላ ስለሆነ በፏፏቴው በኩል ጭራሽ አያልፍም። መጨረሻ ላይ የክረምቱ ምስል ይገባል። እያንዳንዱ መልስ ቀጣዩን ጥያቄ ስለሚወልድ «እንዳያመልጣችሁ» ማለት አላስፈለገኝም።

ሽፋኑ ላይ የሚለጠፈው ምስልም ከርዕሱ እኩል ይናገራል። በመስከረም የተነሳውን፣ ገደሉን ሙሉ የሸፈነ ውሃ በመጋቢት ቪዲዮ ላይ ትለጥፋለህ። አንዱ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ይመጣል፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል፣ ቀጭን ውሃ አይቶ ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ ስለ ጢስ ዓባይ ማንም ቢናገር አያምንም። ጉዳቱ ላንተ ብቻ አይደለም፣ እዚያ ለሚያስጎበኙትም ልጆች ነው።

የአማርኛ ርዕስ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ከውጭ የሚመጣው ምክር አያነሳውም። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ዩቲዩብ እስከ 100 ፊደል ይፈቅዳል፣ ስልክ ላይ ግን ረጅም ርዕስ ይቆረጣል። «ጢስ ዓባይ ሙሉ በሙሉ ደርቋል እየተባለ በየቦታው የሚወራው ወሬ እውነት አይደለም» ብለህ በቅን ልብ ትጽፋለህ። ስልኩ ላይ የሚታየው «ጢስ ዓባይ ሙሉ በሙሉ ደርቋል እየተባለ…» ነው። «አይደለም» ተቆርጦ ቀረ፣ አንተም ሳታስበው ወሬ አራጋቢ ሆንክ። ስለዚህ አፍራሹን ወደፊት አምጣው፦ «ጢስ ዓባይ አልደረቀም፤ ውሃው የት ሄደ?» በል። ከመለጠፍህ በፊት በራስህ ስልክ ላይ እየው።

«ሰበር» የሚለውን በተመለከተ ብዙ አልልም። በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ውጭ አገርና አዲስ አበባ ዘመድ አለው። «ሰበር፦ ባሕር ዳር» የሚል ርዕስ ያየ ሰው ቪዲዮውን ከመክፈቱ በፊት እናቱ ጋ ይደውላል። ስለ መንገድ ጥገና ሆኖ ሲያገኘው የሚሰማውን አስበው። ዩቲዩብ ራሱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024፣ ሰበር ዜናና ወቅታዊ ጉዳይ ላይ ቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር ቃል የሚገቡ ርዕሶችንና ምስሎችን ማንሳት እንደሚጀምር አስታውቋል። የጀመረው ከህንድ ነው።

አሁን ወደ 200ዋ ቪዲዮህ። ርዕሷን አይቼዋለሁ፤ «የዘጌ ጉብኝት ክፍል 2» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ክፍል 1ን ያላየ ምን ያድርግበት? ይሄም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ውስጧ ስለ ዘጌ ቡና ጥሩ ነገር አለ፤ ቡናው በጫካው ዛፎች ጥላ ሥር ሲበቅል ታሳያለህ። «ዘጌ ቡናው ያለ ደን ለምን አይሆንለትም?» ብትላት የሚዋሽ ነገር የለውም። እውነቱን መጻፍህ አይደለም የጎዳህ፣ ጥያቄውን አለማውጣትህ ነው።

ስህተቱ ከርዕሱ ይሁን ከቪዲዮው እንዴት ትለያለህ? ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብተህ የተመልካች ቆይታ የሚያሳየውን መስመር እይ። 30ኛው ሰከንድ ላይ ስንት ከመቶ እንደቀረ ይነግርሃል። መስመሩ ገና ከመጀመሪያው ቁልቁል ከወረደ ወይ ርዕሱና ምስሉ ሌላ ነገር ቃል ገብተዋል፣ ወይ መግቢያህ ረዝሟል። እዚያ ጋ ደህና ሆኖ 3ኛው ደቂቃ ላይ ከወደቀ ርዕስህን አትነካካው፣ ችግሩ ቪዲዮው መሐል ነው። አመኔታ መጥፋቱ ግን በአንድ ቪዲዮ አይታይም። ተመልሰው የሚመጡ ተመልካቾችህን ቁጥር ወር ከወር አስተያይ። አዲሶች እየበዙ ነባሮቹ ከቀነሱ ሰው አንዴ እየተታለለ እየሄደብህ ነው።

በከፋቾች መቶኛም ቶሎ አትደንግጥ። ዩቲዩብ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ከ2 እስከ 10 ከመቶ መካከል ናቸው። ቪዲዮህ መጀመሪያ የሚቀርበው በአብዛኛው ለሚያውቁህ ስለሆነ መቶኛው ከፍ ይላል። ወደማያውቁህ ሲሰፋ ይወርዳል። ብዙ ልጆች ልክ በዚህ ሰዓት ይደነግጡና «ጉድ»ን ይጨምራሉ። ቪዲዮው ግን እየሰፋ ስለነበር ነው የወረደው።

ስቱዲዮው የሽፋን ምስል ማወዳደሪያም አለው። እስከ 3 ምስል ትሰጠዋለህ፣ ለተለያዩ ሰዎች እያሳየ ያወዳድርልሃል። አሸናፊውን የሚመርጠው በብዛት ባስከፈተው ሳይሆን ይበልጥ ሰዓት ባሳየው ነው። በትንሽ ቻናል ግን በቂ ተመልካች ስለማያገኝ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ቁርጥ ያለ አይሆንም። እንዲያ ከሆነ ርዕሱን በእጅህ ቀይር፣ ምስሉን ግን በዚያው ሰዓት አትቀይር፤ የቱ እንደሠራ አታውቅምና። ሳምንት ጠብቅና ያቺኑ 30ኛዋን ሰከንድ ከቀድሞው ጋር አስተያይ።