ማስተካከያ፦ ስለ ኮሌራ ባወጣነው ዘገባ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በቤት የሚበጠበጠው መጠጥ የጨውና የስኳር መጠን ተገለባብጧል

ቀደም ሲል የወጣው፦ «በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር በጥብጡ።»

ትክክለኛው 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ማንኪያው አይቆለል፤ ከአፉ ጋር እኩል ይሁን። በቀደመው መጠን የበጠበጣችሁ እባካችሁ ድፉት። ጨው ሲበዛ ውሃን ከሰውነት ሕዋሳት ይስባል፤ በተቅማጥ የደከመን ሰው ይበልጥ ያደርቀዋል፣ ሕፃናትን ደግሞ እስከ ማንቀጥቀጥ ሊያደርስ ይችላል። ለሕፃን ያጠጣችሁት ካለ ምልክት ሳትጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በትክክል የተበጠበጠው ሲቀመስ ከዕንባ የበለጠ ጨዋማ አይሆንም፤ ከ24 ሰዓት በላይም አይቆይም። በፋርማሲ የሚሸጠው የታሸገ ኦአርኤስ ከተገኘ ግን እሱ ይመረጣል።

በርዕሱ ላይ «በኮሌራ የተያዙ» ያልናቸው ሰዎችም በጊዜው የተጠረጠሩ ብቻ ነበሩ። ተጠርጣሪ የሚባለው አጣዳፊ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ነው፤ ኮሌራ መሆኑን የሚያረጋግጠው የሰገራ ናሙና የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ሁለቱን መቀላቀላችን ቁጥሩን ከታወቀው በላይ አስፈሪ አድርጎታል። ይህ ማለት ግን ወሬው ሐሰት ነበር ማለት አይደለም፤ ሕክምናም ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም። እንዲህ ዓይነት ተቅማጥ የጀመረው ሰው ኦአርኤስ ወይም በትክክል የተበጠበጠውን መጠጥ እየጠጣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

የመጀመሪያውን ዘገባ ለሌላ ሰው ልካችሁ ከሆነ፣ ይህንንም ለዚያው ሰው ላኩለት።